ለተከራይ ዋስ የሚጻፍ የመብራትና የውኃ ሂሳብ ማስታወሻ

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ላይ ያከራየሁት ልጅ የግንቦት፣ የሰኔና የሐምሌ መብራትና ውኃ አልከፈለም። ለመብራት የውስጥ ቆጣሪ አለው፣ ውኃው የጋራ ነው። ዋሱ ሐጂ ናቸው፣ ሠፈሩ የሚያከብራቸው ሰው፤ እንዲቀየሙኝ አልፈልግም። እንዲህ ብዬ ጽፌ ነበር፦ ‹ዋስ የሆኑለት ሰው ከግንቦት ጀምሮ መብራትና ውኃ ባለመክፈል ስላስቸገረን፣ ወደ 5 ሺህ ብር የሚሆነውን በአስቸኳይ እንዲከፍሉ፤ አለበለዚያ በሕግ እንጠይቃለን።› እባካችሁ እህታችሁን አለሳልሱልኝ።»

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ፤ ይስተካከላል። ግን ደብዳቤውን ማለሳለስ ብቻ አያድነውም። ሐጂን ከ«አለበለዚያ» ይልቅ የሚያስቀይማቸው «ወደ 5 ሺህ» የሚለው ነው። ዋስ የሆነ ሰው ቆጣሪውን አያይም፣ ቢሉም በእጁ አይገባም። የሚያውቀው የፈረመውን ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ደብዳቤሽ እሳቸው ቤታቸው ቁጭ ብለው፣ ማንንም ሳይጠይቁ፣ ሂሳቡን ከአባሪው ጋር እያስተያዩ «ልክ ነው» ሊሉት የሚችሉት መሆን አለበት።

ከመጻፍሽ በፊት የኪራይ ውሉን አውጪና የዋስትናውን አንቀጽ ቃል በቃል አንብቢ። ዋስትና በግምት የሚገኝ ነገር አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት ዋስትና በግልጽ መሰጠት አለበት፣ ከተሰጠበት ወሰን አያልፍም፣ ዋሱ እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሚጠየቅም ካልተጻፈ አይጸናም። አንቀጹ «ለቤት ኪራዩ» ብቻ የሚል ከሆነ መብራትና ውኃ ውስጡ አሉ ብሎ መከራከር ከባድ ነው፤ ያኔ የምትጽፊው የትብብር ጥያቄ እንጂ የዋስትና ማስታወሻ አይደለም፣ ቃናውም ሌላ ነው። «ለኪራይ፣ ለመብራትና ለውኃ እስከ 20,000 ብር» የሚል ከሆነ ግን ያንኑ ሐረግ እንዳለ ወደ ደብዳቤው አምጪው። በራስሽ ቃል አትተርኪው። «በአንድነትና በነጠላ» የሚል መኖሩንም እዪ፤ እሱ ከሌለ ዋሱ «መጀመሪያ ከራሱ ከተከራዩ ንብረት ጠይቂ» የማለት መብት አላቸው። ለማንኛውም፣ ለልጁ ራሱ ቀን ቆርጠሽ በጽሑፍ ሳትጠይቂው ወደ ዋስ አትሂጂ። ሐጂ መጀመሪያ የሚያነሱት ጥያቄ «ለእሱስ ነግረሽዋል?» ነው፤ መልሱ አስቀድሞ ደብዳቤው ላይ ይኑር።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ፤ አብዛኛው ጠብ የሚነሳው እዚህ ነው። ቢሎችሽ እጄ ላይ ስለሌሉ በማሳያ ቁጥር ልሥራው። የመብራት ቢሉ የግንቦት 1,240፣ የሰኔ 1,150፣ የሐምሌ 1,300 ብር ነው እንበል። የውኃው ደግሞ 420፣ 390 እና 450። ሁሉም ሲደመር 4,950 ብር ይመጣል፤ «ወደ 5 ሺህ» ያልሽው ምናልባት እንዲህ ተደምሮ ይሆናል። ግን ይኼ የግቢው ሁሉ ፍጆታ ነው፣ የልጁ አይደለም።

የመብራቱን ድርሻ ለማውጣት የውስጥ ቆጣሪውን ፍጆታ በዋናው ቆጣሪ ፍጆታ ታካፍያለሽ። ሰኔን እንውሰድ። የውስጥ ቆጣሪው 4,812 ላይ ነበር፣ 4,992 ደረሰ፤ ልጁ 180 ኪሎዋት ሰዓት ተጠቅሟል ማለት ነው። ዋናው በዚያው ጊዜ 300 ቆጥሯል። 180 ከ300 ስድሳ በመቶ ነው፤ የ1,150 ብር ስድሳ በመቶ 690 ብር ይሆናል። አንዳንድ አከራይ የውስጥ ቆጣሪውን ፍጆታ በላይኛው እርከን ዋጋ ያባዛል፤ እሱ ልክ አይደለም። የመብራት ታሪፍ በእርከን ስለሚጨምር፣ ቢሉን ወደ ላይኛው እርከን የገፋው የሁላችሁም ፍጆታ ተደምሮ ነው። ውዱን እርከን ለተከራይ ብቻ ካሸከምሽው፣ ስሌት የሚያውቅ ሰው በአንድ ዐይን ይይዝሻል። በዚሁ መንገድ ግንቦት (186 ከ310) 744 ብር፣ ሐምሌ (208 ከ320) 845 ብር ይወጣሉ። የሦስቱ ድምር 2,279 ነው።

ውኃው የውስጥ ቆጣሪ ስለሌለው የሚከፈለው ውሉ ላይ በተስማማችሁት ድርሻ ነው። ግቢው ውስጥ ሦስት ቤተሰብ ካለና አንድ ሦስተኛ ከተባለ፣ የ1,260 ብር ሲሶ 420 ብር ነው። ውሉ ስለ ድርሻ ዝም ካለ፣ እስካሁን ሲከፍል የቆየበትን አካፋፈል ተከተዪ፤ ዛሬ አዲስ ስሌት አታምጪ።

ሁለት ቦታ ላይ ጠንቀቅ በዪ። አንደኛው ውዝፍ ነው። የሰኔ ቢል ላይ የግንቦቱ ያልተከፈለ ሂሳብ ተጨምሮ ሊመጣ ይችላል፤ የሐምሌው ደግሞ ሁለቱንም ይዞ። የሦስቱን «ጠቅላላ» ከደመርሽ ግንቦትን ሦስት ጊዜ አስከፈልሽ ማለት ነው። የየወሩን ፍጆታ ሂሳብ ብቻ ውሰጂ። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ፍጆታው ያው ሆኖ ብሩ በየወሩ እየተከመረ ከሄደ ውስጡ ውዝፍ አለ። ሁለተኛው የንባብ ቀን ነው። የሐምሌ ቢል ማለት ከሐምሌ 1 እስከ 30 ማለት ላይሆን ይችላል፤ ከሰኔ 22 እስከ ሐምሌ 22 የተነበበም ይሆናል። የውስጥ ቆጣሪውን ያነበብሽው በሌላ ቀን ከሆነ መቶኛው ይዛባል። አንባቢ ሳይመጣ በግምት የተሞላ ወር ካለም በሚቀጥለው ወር ተጠራቅሞ ይወጣል፤ ስለዚህ የአንዱ ቢል «የአሁን ንባብ» በተከታዩ ላይ «የቀድሞ ንባብ» ሆኖ መምጣቱን አመሳክሪ። ቅጣትና የማስቀጠያ ክፍያን፣ ውሉ ላይ በግልጽ ከሌለ፣ ወደ ዋስ አትላኪ። በተለይ ቢሉ በስምሽ መጥቶ ለልጁ ዘግይተሽ ያሳየሽው ከሆነ ቅጣቱ ያንቺው ነው።

ልጁ በመሃል የሰጠሽ ነገር ካለ ቀንሺ፣ መቀነስሽንም ጻፊ። 500 ብር ሰጥቶሽ ከነበረ 2,279 ሲደመር 420፣ ሲቀነስ 500፤ የሚቀረው 2,199 ብር ነው። ከአምስት ሺው በግማሽ ያነሰ። አምስት ሺውን ይዘሽ ሐጂ ደጅ ሄደሽ ቢሆን ኖሮ፣ ልጁ አንድ ወረቀት አምጥቶ ያፈርሰው ነበር፤ ከዚያ በኋላ እውነተኛውንም ሂሳብ የሚያምንሽ የለም።

ቢሉ የግቢው ሁሉ ስለሆነ ድርሻውን ለብቻ በደንበኛ ቁጥሩ ማስከፈል አይመችም። እኔ ብሆን ሙሉውን ከፍዬ፣ መስመሩም እንዳይቆረጥ አድርጌ፣ ደረሰኙን አያይዤ ተመላሽ እጠይቃለሁ። ተከራዩ የራሱ ዋና ቆጣሪ ያለው ቢሆን ግን የደንበኛ ቁጥሩን ሰጥቶ በቴሌብር ወይም በባንክ በቀጥታ እንዲከፍሉ መጠየቅ ይሻላል፤ ገንዘቡ በአከራይ እጅ ባለማለፉ ጥርጣሬው ይቀንሳል።

ቃላቱን በተመለከተ፣ «ስላስቸገረን» ይውጣ። እሱ ስለ ልጁ ጠባይ የተሰጠ ፍርድ ነው፤ ሐጂ ደግሞ ለዚያ ጠባይ ነው ዋስ የሆኑት፤ ስድቡ ዞሮ እሳቸው ላይ ያርፋል። «በአስቸኳይ» በቀን ይተካ። «በሕግ እንጠይቃለን» በመጀመሪያው ማስታወሻ ቦታ የለውም፤ የዋስትናውን አንቀጽ መጥቀስሽ ብቻውን ይበቃል። ሃይማኖት ጠቅሶ ዕዳ በአኺራ እንደሚያስጠይቅ መጻፍም አይገባም፤ ይህን ሐጂ ካንቺ አይማሩትም። መግቢያው ላይ ረጅም ውዳሴ አታብዢ፤ ውዳሴ ሲበዛ ነገር ያለበት ይመስላል። እንዲህ ብትይውስ?

> ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
>
> ለተከበሩ ሐጂ ……
> ደሴ
>
> አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ሰነበቱ?
>
> ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. በተፈረመው የኪራይ ውል ተራ ቁጥር 7 ላይ፣ ለአቶ …… «ለኪራይ፣ ለመብራትና ለውኃ እስከ 20,000 ብር» ዋስ መሆንዎ ተመልክቷል። በዚሁ መሠረት የሚከተለውን ሂሳብ እንዲያውቁት በአክብሮት አቀርባለሁ።
>
> የመብራት ድርሻ፦ ግንቦት 744 ብር፣ ሰኔ 690 ብር፣ ሐምሌ 845 ብር፤ ድምር 2,279 ብር።
> የውኃ ድርሻ (የሦስቱ ወር አንድ ሦስተኛ)፦ 420 ብር።
> ተከራዩ የከፈሉት፦ 500 ብር።
> ቀሪ፦ 2,199 ብር።
>
> የኪራይ ሂሳብ በዚህ ውስጥ የለም፤ ቅጣትም አልተጨመረም። ሙሉ ቢሎቹን እኔ ከፍያለሁ። ለአቶ …… ሐምሌ 30 ቀን በጽሑፍ አሳውቄ እስከ ነሐሴ 10 ጠብቄያለሁ፤ እስከዛሬ ቀሪው ክፍያ አልደረሰኝም።
>
> ከአቶ …… ጋር ተነጋግረው ቀሪው ሂሳብ እስከ ነሐሴ 30 ቀን እንዲጠናቀቅ እንዲያግዙኝ እጠይቃለሁ። ስሌቱ ላይ ጥያቄ ካለዎት፣ ወይም ተከፍሎ እኔ ያልያዝኩት ደረሰኝ ካለ፣ በሚመችዎ ጊዜ ቆጣሪውንና ቢሎቹን አብረን እናያለን።
>
> አባሪ፦ የ6 ቢሎችና ደረሰኞች ኮፒ፣ የውስጥ ቆጣሪው ፎቶዎች፣ ለተከራዩ የተጻፈው ማስታወሻ ኮፒ።
>
> ከአክብሮት ጋር፣
> ስምና ፊርማ

«እንዲከፍሉ» ሳይሆን «እንዲጠናቀቅ እንዲያግዙኝ» ያልኩት አውቄ ነው። ልጁን ጠርተው እንዲያስከፍሉ በር ይከፍትላቸዋል፣ ከኪስ ማውጣት ሳይደርስ። ግን ቀኑ፣ ብሩና የውሉ ቁጥር ስላሉ ማስታወሻነቱ አይላላም። የኪራይ ዕዳ ካለም በሌላ ወረቀት ጻፊው፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ በአንዱ የተነሳ ክርክር ሌላውንም ያስቆመዋል።

አሰጣጡ ላይ፣ በፖስታ አሽጊና ራስሽ ቤታቸው አድርሺ። ሁለት ኮፒ ያዢ፤ ባንቺው ላይ «ደርሶኛል» ብለው ቀን ጽፈው ይፈርሙ። መፈረም ቢከብዳቸው አትጫኚ፤ አንድ ሰው ይዘሽ ሂጂና በዚያው ዕለት ማታ «ዛሬ የሰጠሁዎት ማስታወሻ» ብለሽ አጭር የስልክ መልእክት ላኪ። ለቅሶ ቤት፣ ቡና ላይ ወይም ከጁምዓ መልስ አታንሺው። ለዕድር ዳኛም ሆነ ለጎረቤት ኮፒ አይሰጥ፤ ሰው ፊት የተነሳ ዕዳ፣ ልክ ቢሆንም፣ ለክርክር ይጋብዛል።

ከሳምንት በኋላ «ልጁ ከፍያለሁ ይላል» ቢሉሽ፣ ደረሰኙ የየትኛው ወር እንደሆነ ብቻ ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ የሚያዝያ ሆኖ ይገኛል። ከፊሉን ቢያመጡ ተቀበዪና ቀሪውን በጽሑፍ አሳውቂ። ሐጂ ከራሳቸው ከከፈሉ ደግሞ ደረሰኙ ላይ «ስለ አቶ …… በዋስነት የተከፈለ» ብለሽ ወሩንና ብሩን ዘርዝሪ፣ የቢሎቹንም ኮፒ ስጫቸው። ዋስ የከፈለውን ከባለዕዳው የመጠየቅ መብት አለው፤ ያ ወረቀት ከሌላቸው ግን ልጁን በምን ይይዙታል?