የአባላት ማውጫ ለምታዘጋጁ ወጣቶች

ልጆች፣

የንግድ ማኅበራችን ጽሕፈት ቤት አዲስ የአባላት ማውጫ ሊያሳትም ነው፤ ቅጹን እንድታዘጋጁም እናንተን መርጧል ሲሉ ሰማሁ። ለእያንዳንዱ አባል አንድ ገጽ ብቻ ነው የሚደርሰው። እኔ መሀል ከተማ ውስጥ በማተሚያ ቤት ሥራ ነው ያረጀሁት። እንዲህ ያሉ ማውጫዎች በእጄ ብዙ አልፈዋል። ስለዚህ አታሚ የሚያየውን፣ አባሉ ግን የማያየውን ነገር ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ማውጫውን ማን እንደሚገልጠው አስቡ። ስታዲየም አካባቢ ያለ ሆቴል የግዥ ሠራተኛ ነው እንበል። አለቃው “ለ120 ሠራተኛ የደንብ ልብስ የሚሰፋ ሰው ፈልግ፣ ሦስት ዋጋ አምጣ” ብሎታል። ይሄ ሰው ማውጫውን ቁጭ ብሎ አያነብም። ልብስ ስፌት የሚለውን ክፍል ያወጣል፣ ገጾቹን ቶሎ ቶሎ ይገላልጣል፣ ለሦስት ሰው ይደውላል። ሊያውቅ የሚፈልገው ጥቂት ነገር ነው። ይሄንን ትሠራላችሁ ወይ? ይሄን ያህል ትችላላችሁ? በስንት ቀን? የቫት ደረሰኝ አላችሁ? የት ነው ያላችሁት? ገጹ እነዚህን ካልመለሰለት ወደሚቀጥለው ያልፋል።

አሁን ደግሞ አባላት በተለምዶ የሚልኩትን እዩ፦

“ድርጅታችን በዘርፉ የካበተ ልምድ ባላቸው ባለሙያዎች የተደራጀ ሲሆን ጥራታቸውን የጠበቁ ምርቶችን በተመጣጣኝ ዋጋ ለክቡራን ደንበኞቹ በማቅረብ ላይ ይገኛል።”

ይሄ ለልብስ ሰፊም፣ ለብረት ሠሪም፣ ለውሃ ማሸጊያ ፋብሪካም ይሆናል። የግዥ ሠራተኛው ከዚህ ምንም አያገኝም። ግን ጥፋቱን አባሉ ላይ አታላክኩ። ጥፋቱ የቅጹ ነው። “ስለ ድርጅቱ” የሚል ትልቅ ባዶ ሣጥን ለሰው ከሰጣችሁት፣ ያው ሌሎች የጻፉትን ይገለብጥላችኋል። ከሥሩ “ራዕይ”፣ “ተልዕኮ”፣ “እሴቶች” ካላችሁት ደግሞ አለቀ። አምስት ሰው ያለው ስፌት ቤት “በምሥራቅ አፍሪካ ቀዳሚ መሆን” ብሎ ይጽፍላችኋል። እነዚያን ሦስት ሣጥኖች ያለ ርኅራኄ አውጧቸው። ትልቁን ሣጥንም በትናንሽና በጠባብ ጥያቄዎች ተኩት። ቅጽ ማለት የሚጠይቀውን ያህል ነው የሚሰጠው።

እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። አራዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ ስድስት የስፌት መኪናና ስድስት ሰፊ ያላት አንዲት አባል አለች እንበል። “ምን ትሠራላችሁ?” ስትሏት “ማንኛውንም ልብስ” ትላለች። እዚህ ላይ አትቁሙ። “ባለፈው ዓመት ብዙ ገንዘብ ያስገባላችሁ የትኛው ሥራ ነው?” በሏት። “የሆቴልና የጥበቃ ደንብ ልብስ” ትላለች። ገጹ መክፈት ያለበት በዚህ ነው። ማንኛውንም ልብስ የሚሰፋ ሰው ፈልጎ ስልክ የሚያነሳ የለም። ደንብ ልብስ የሚፈልግ ግን አለ።

ቀጥሎ አቅሟ ነው። አባላት በጣም የሚዋሹት እዚህ ላይ ነው፤ ብዙዎቹ ሆን ብለው ሳይሆን ሳያሰሉ። እናንተ አብራችኋቸው አስሉ። አንድ ሰፊ በቀን ሁለት ጥንድ ያወጣል፣ ማለትም ሁለት ሸሚዝና ሁለት ሱሪ። ስድስቱ በቀን 12 ጥንድ ናቸው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከተሠራ በሦስት ሳምንት ውስጥ 18 የሥራ ቀን አለ። 12 በ18 ሲባዛ 216 ይመጣል። ታዲያ 216 ብላ ትጻፍ? በፍጹም። መብራት ይጠፋል፣ ሰው ይታመማል፣ በዓል ይገባል፣ ልኩ ያልሆነ ልብስ ተመልሶ ይመጣል። በዚያ ላይ ቋሚ ደንበኞቿ መኪናዎቹን በከፊል ይዘውባታል። እኔ ብሆን “150 ጥንድ በሦስት ሳምንት” እላለሁ። 200 ብላ ጽፋ 150 ካስረከበች ደንበኛ አጣች። 150 ብላ ጽፋ 150 ካስረከበች ግን ያው ሰው በዓመቱ ይመለሳል።

ዝቅተኛውንም ጠይቋት። ከስንት ጀምሮ ትቀበያለሽ? ከ20 በታች አያዋጣኝም ካለች ይጻፍ። አለዚያ ለሦስት አስተናጋጅ ልብስ የሚፈልግ ሁሉ ሲደውልላት ይውላል። ብዙ አባላት ይሄንን መጻፍ ያፍራሉ፤ ደንበኛ ማባረር ይመስላቸዋል። የማይሆን ሰው ሳይደውል ቢቀር ግን ለሁለቱም እረፍት ነው።

እንግዲህ ገጿ ላይ የሚሰፍረው ዋና ጽሑፍ ይሄ ነው፦

“የሆቴል፣ የምግብ ቤትና የጥበቃ ሠራተኞች የደንብ ልብስ እንሰፋለን። በአንድ ትዕዛዝ ከ20 ጥንድ ጀምሮ እንቀበላለን። ልክ ከተወሰደና ጨርቅ ከተመረጠ በኋላ 150 ጥንድ በሦስት ሳምንት እናስረክባለን። ጨርቅ እኛ እናቀርባለን፤ ደንበኛ ያመጣውንም እንሰፋለን። የድርጅት አርማ በጥልፍ እናሠራለን፤ ለእሱ አንድ ሳምንት ይጨመራል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ናሙና ሰፍተን እናሳያለን። የቫት ተመዝጋቢ ነን።”

ሃምሳ ቃል እንኳ አይሞላም። ገጹ የመጽሔት ግማሽ፣ ማለትም ኤ5 ቢሆን እንኳ ለአርማና ለፎቶ ቦታ ይተርፋል። “ጥራት” የሚል ቃል የለበትም፤ ናሙና እናሳያለን ማለቱ በቂ ነው። የቫቱ ዓረፍተ ነገር ትንሽ ይመስላል እንጂ ትልቅ ነው። ቫት የተመዘገበ ገዢ የከፈለውን 15 በመቶ ማቀናነስ የሚችለው በቫት ደረሰኝ ከገዛ ነው። ስለዚህ ስልክ ሳያነሳ ማወቅ ይፈልጋል። ያልተመዘገበ አባልም “አይደለንም” ይበል እንጂ ሣጥኑን ባዶ አይተወው።

አድራሻ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ አዲስ አበቤዎች አድራሻ የምንናገረው በምልክት ነው። ከእገሌ ሕንፃ ጀርባ፣ ከዳቦ ቤቱ ዝቅ ብሎ። ለታክሲ ይሠራል። ለታተመ ማውጫ ግን ብቻውን አደገኛ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ፣ “ከዶሮ ማነቂያ ገባ ብሎ” የሚል አድራሻ ሁሉ አብሮ ፈረሰ። ካዛንቺስም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። ስለዚህ ቅጹ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የሕንፃ ስም፣ ፎቅና የቢሮ ቁጥር ለየብቻ ይጠይቅ። ምልክቱ ደግሞ በሌላ መስመር ይምጣ፤ ዋናውን አድራሻ አይተካውም፣ ያግዘዋል። የጉግል ካርታ ቦታውንም ተቀበሉና በኪውአር ኮድ ገጹ ጥግ ላይ አስቀምጡት። ኮዱን ግን ከመታተሙ በፊት በስልካችሁ ስካን አድርጋችሁ ሞክሩት። የጎረቤት ሱቅ የሚያሳይ ኮድ ጨርሶ ኮድ ካለመኖሩ ይብሳል።

ስልክ ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው። አባሉ የሽያጭ ሠራተኛውን የግል ቁጥር ይሰጣችኋል። ሠራተኛው በስድስት ወር ሥራ ይለቃል፤ ቁጥሩም ደንበኞቹም አብረውት ይሄዳሉ። በድርጅቱ ስም የወጣ ሲም ካርድ ካለ እሱ ይጻፍ። ከቁጥሩ አጠገብ የሰው ስም ሳይሆን “ትዕዛዝ ክፍል” ወይም “ባለቤት” ይባል። ቴሌግራም ያለው የትኛው ቁጥር እንደሆነም ይጠቀስ፤ ዛሬ ደንበኛ የልብስ ዲዛይን የሚልከው በዚያ ነው። በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ላይ ከ251 በኋላ ዜሮዋ እንደማትጻፍ አትርሱ። ዜሮዋ ከተጻፈች ከውጭ የሚደውል ሰው መስመር ላያገኝ ይችላል።

የምሥረታ ዓመትም ያጣላል። በ2004 ዓ.ም. የተከፈተ ድርጅት በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ላይ 2004 ተብሎ ከታተመ፣ በአንድ ሌሊት ሰባት ስምንት ዓመት አረጀ ማለት ነው። ንግድ ፈቃዱን የሚያይ ገዢ ውሸት ይለዋል። ቅጹ ወሩንና ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጠይቅ፤ ቅየራውን ከእናንተ አንድ ሰው ብቻ ይሥራው።

ስሙም በንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይግባ፤ የእንግሊዝኛውም እንዲሁ። ታፔላው ላይ ያለው ስም የተለየ ከሆነ ከሥሩ ይጻፍ። በፊደል ተራ ስትደረድሩ ደግሞ ኮምፒውተሩን አትመኑት። “ሐበሻ” እና “ሀበሻ” ለእሱ ሁለት የተራራቁ ስሞች ናቸው፤ ፈላጊው ግን አንድ ቦታ ነው የሚያያቸው። ሀና ሐን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን አንድ ላይ አድርጋችሁ በእጅ አስተካክሉ።

ቅጹን የምትልኩበት ጊዜም ለውጥ አለው። የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። መስከረም ላይ ከሰበሰባችሁ ገና ያላደሰውንና ጨርሶ የማያድሰውን መለየት አትችሉም። ጥር ላይ ላኩት፤ የታደሰውን ፈቃድ ኮፒም አብራችሁ ጠይቁ። ኮፒው ለጽሕፈት ቤቱ ፋይል ነው፤ ገጹ ላይ አይታተምም።

አሁን ወደ እኔ ቤት፣ ወደ ማተሚያው እንምጣ። ጽሑፉን በዩኒኮድ የተጻፈ ብቻ ተቀበሉ። አንዳንድ ቢሮ እስከ ዛሬ በድሮ የግዕዝ ፎንት ይተይባል። ጽሑፉ በእነሱ ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ነው፣ በእናንተ ላይ ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል። መለያው ቀላል ነው፦ ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከመጣ ደህና ነው። ካልሆነ እንደገና ይተየብ፤ ሌላ መላ አትፈልጉ፣ መቀየሪያ ፕሮግራሞቹ አንዳንድ ፊደል እየዋጡ ያስቸግራሉ።

አርማና ፎቶ በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ። እንደ ፎቶ ከተላከ መጠኑ ይቀንሳል። ስልክ ላይ ያማረው ወረቀት ላይ ብዥ ይላል። ለኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ 10 ሴንቲሜትር ስፋት ላለው ፎቶ 1200 ፒክስል ያህል ጠይቁ። ከቢዝነስ ካርድ ላይ በስልክ የተነሳ አርማ ሲመጣላችሁ መልሱት። ታፔላውን የሠራው ሰው ዋናው ፋይል አለው፤ ከእሱ ይምጣ።

መጨረሻ ላይ ገጹ ከተሰናዳ በኋላ፣ ልክ እንደሚታተመው አድርጋችሁ በወረቀት አውጡትና ለአባሉ ስጡት። በስክሪን አትላኩ፤ ሰው ስክሪን ላይ “እሺ” ብሎ ያልፋል። ወረቀት ሲይዝ ግን እስክሪብቶ ይፈልጋል። ራሱ ስልኩን ደውሎ ይሞክር፣ ከዚያ ይፈርም፣ ቀን ይጻፍ። ያ ቀን ገጹ ግርጌ ላይ “መረጃው የተረጋገጠው” ተብሎ ይታተማል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ፈርሞ ያልመለሰ አባል ስሙ፣ ዘርፉና ስልኩ ብቻ መጨረሻ ገጽ ላይ በአንድ መስመር ይውጣ። ቅሬታ ይመጣባችኋል። ለቀጣዩ እትም ቅጹን ቀድሞ የሚመልስላችሁ ግን ያ ቅሬታ ያቀረበው ሰው ነው።