ሲቸግራቸው ብቻ ለሚደውሉት ስጪ፣ ግን አትፈርሚ

«ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ነው ያለሁት። ዓመት ሙሉ ድምፃቸው የማይሰማ፣ የሆነ ነገር ሲፈልጉ ብቻ የሚደውሉ ሰዎች አሉኝ። እምቢ ማለት አልችልም፣ እሺ ማለትም ሰለቸኝ። ክፉ ሳልሆን ምን ልበላቸው?»

እህቴ፣ እኔም እዚሁ ማራኪ ነኝ። አንዲት ፊርማ 42,000 ብር አስከፍላኛለች፤ ስለዚህ ከእኔ ስሚ።

1. ደዋዩን ገና በሰላምታው ታውቂዋለሽ። «አንች፣ ጠፋሽ እኮ!» ብሎ ይጀምራል። ራሱ ጠፍቶ አንቺን ጠፋሽ ይልሻል። የልጆችሽን ደኅንነት አንድ በአንድ ይጠይቃል። ከዚያ ትንሽ ዝም ይልና «ስሚማ…» ይላል። እኔ ድሮ ያቺ «ስሚማ» እስክትመጣ ሆዴ ይረበሽ ነበር። አሁን ሰላምታው እንዳለቀ «ምን ቸገረህ? ንገረኝ» እላለሁ። እሱም ይገላገላል፣ እኔም። ብዙው ሰው ዙሪያ ጥምጥም የሚሄደው አፍሮ ነው እንጂ ተንኮል ይዞ አይደለም።

2. አቅምሽን ቀድመሽ ወስኚ። እዚህ ከተማ ታኅሣሥ ሲጋመስ ስልኩ የሚበዛው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ሁሉም ለጥምቀት ማደሪያ ይፈልጋል። እኔ ሁለት ፍራሽ አለኝ። ከጥር 9 እስከ 12፣ ቀድሞ የጠየቀ ያድርበታል። ለሦስተኛው «ሞልቷል፣ ግን የከተራ ዕለት ምሳ እኔ ቤት ና» እለዋለሁ። እስካሁን በዚህ የተቀየመኝ የለም። አንዲት የአክስቴ ልጅ ብቻ አኩርፋለች፤ እሷ ግን ድሮም ኩርፊያ ትወዳለች።

3. ዋስ አትሁኚ። ዋናው ይሄ ነው።

አብሮኝ የተማረ ልጅ ከሁለት ዓመት ዝምታ በኋላ ደወለ። «ብር አልጠይቅሽም፣ ፊርማ ብቻ ነው» አለኝ። ብር ቢጠይቀኝ 2,000 ሰጥቼው እረሳው ነበር። ፊርማ ግን ነፃ መሰለኝ። ከመሥሪያ ቤቴ የደመወዝ ደብዳቤ አጽፌ ሄድኩ። ብድሩ 120,000 ነው፤ ከእኔ ሌላ አንድ ዋስ አለ። ወረቀቱ ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ነበር። ሳላነበው ፈረምኩ። ትርጉሙን ያወቅሁት በኋላ ነው። አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ ዋሱ መምጣት ይችላል፣ ያውም ለግማሹ ሳይሆን ለሙሉው ዕዳ።

ልጁ የተወሰነ ወር ከፈለና ሥራም ስልክም ቀየረ። 84,000 ሲቀር ደብዳቤው ለእኔ መጣ። ቢሮው ሄጄ «ቆይ፣ መጀመሪያ እሱን ፈልጉት» ብል፣ ሴትዮዋ ቀና ሳትል፣ ሻይዋን እያማሰለች፣ «ስትፈርሚ ነበር ማሰብ» አለችኝ። ቁጭ በይ እንኳ አላለችኝም። የሚያናድደው፣ ልክ ነበረች። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት፣ ዋሱ የገባበት የገንዘብ ጣሪያ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። እሱን ይዤ ወረቀቱን ባገላብጥ 120,000 በአኃዝም በፊደልም ተጽፏል።

ሌላኛውን ዋስ እግሬ እስኪነቃ ፈልጌ አገኘሁት። እሱም ከእኔ የባሰ የዋህ ነው። ግማሽ ግማሽ ተካፈልን። ከደመወዜ በወር 2,800፣ ለ15 ወር ተቆረጠ። ዋስ የከፈለውን ከተበዳሪው የመጠየቅ መብት አለው፤ ስለዚህ ደረሰኞቹን አንድ ሳይጎድል ይዣቸዋለሁ። መብቱ ግን አድራሻው የማይታወቅ ሰው ላይ ብዙም አይሠራም። በነዚያ 15 ወራት ደግሞ በእውነት ለተቸገሩ ሁለት ሰዎች «የለኝም» አልኩ። እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄኛው ነው።

ስለዚህ አሁን መልሴ አጭር ነው፦ «ዋስ አልሆንም፣ ለማንም። የምችለው ግን ይሄን ያህል ነው» ብዬ ያኔውኑ እልካለሁ። «አስቤ እነግርሃለሁ» አልልም። እንደዚያ ካልሽ ሰውየው እሺ እንዳልሽው ቆጥሮ ሌላ ሰው መፈለጉን ይተዋል።

4. አራተኛ ልጽፍ ነበር፤ ግን ባለፈው ኅዳር የሆነውን ልንገርሽ። በማላውቀው ቁጥር ተደወለ። «አንች፣ ጠፋሽ እኮ!» እሱ ነው! ስለ ገንዘቡ ይቅርታ ጠየቀ፣ ቀስ እያልኩ እከፍላለሁ አለ። ልቤ ትንሽ ራራ። ከዚያ ዝም አለና «ስሚማ…» አለኝ። ወንድ ልጁ ሥራ ሊቀጠር ነው፤ የሥራ ዋስ ጠይቀውታል።

«አልፈርምም» አልኩት። «ደረሰኞቹም እኔ ጋ ናቸው፣ አልረሳሁም። ልጁ ግን ሥራ የሚገባበት ጫማ አለው?»

ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«41 ነው የሚያደርገው» አለኝ።