ስለ አንድ ካንድል ብቻ እናውራ፦ ጥያቄና መልስ

ዛሬ ስለ ስትራቴጂ አልመልስም። ሀመር፣ ዶጂ፣ ኢንገልፊንግ የሚባሉት የካንድል ቅርጾችም ለሌላ ቀን ይቆዩ። ቻርት ላይ የአንድ ሰዓት ወይም የአንድ ቀን ዋጋ የምታሳየውን አንዲት ዘንግ፣ አንዲት ካንድል ብቻ ይዘን እንቀመጥ፦ ኦፕን፣ ሃይ፣ ሎው፣ ክሎዝ። ጥያቄ ያለው ይጻፍ፣ እስኪደክመኝ እመልሳለሁ።

ጀማሪ ነኝ። እስካሁን የማየው ቀለሙን ብቻ ነው። ካንድሉ እንዴት ነው የሚሠራው?

አብረን እንሥራው። የወርቅ የአንድ ሰዓት ቻርት እንውሰድ፤ ቁጥሮቹን ለምሳሌ ብዬ ያመጣኋቸው ናቸው። ሰዓቱ ሲገባ መጀመሪያ የመጣው ዋጋ 2,410 ዶላር ነው። ኦፕን እሱ ነው። ከዚያ ዋጋው ሲወጣ ሲወርድ ቆይቶ ትልቁ 2,418፣ ትንሹ 2,402 ሆነ። ሰዓቱ ሲያልቅ የመጨረሻው ዋጋ 2,415 ነበር፣ ክሎዝ ማለት ነው።

አሁን ሳለው። ወፍራሙ ቦዲ ከ2,410 እስከ 2,415 ነው፣ 5 ዶላር። ከቦዲው በላይና በታች የሚወጣው ቀጭን መስመር ዊክ ይባላል፦ የላይኛው 3 ዶላር፣ የታችኛው 8 ዶላር። ከጫፍ እስከ ጫፍ 16 ዶላር። ክሎዙ ከኦፕኑ በላይ ስለሆነ አረንጓዴ ይቀባል።

አየህ፣ ቀለሙ ከአራቱ ቁጥሮች ሁለቱን ብቻ ነው ያወዳደረልህ። እኔ ቀድሜ የማየው ክሎዙ ከሎውና ከሃዩ መሀል የት እንዳረፈ ነው። እዚህ ከ16ቱ ዶላር 13ቱን ወጥቶ ነው የተዘጋው። 2,402 ላይ የሸጠ ሰው በሰዓቱ መጨረሻ በደንብ ከስሯል ማለት ነው። ለምን ዋጋው እዚያ እንዳልቆየ ግን ካንድሉ አይነግርህም።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በል፦ ሰዓቱ ካላለቀ ክሎዝ የለም። እየተንቀሳቀሰ ያለው ካንድል ላይ እንደ ክሎዝ የምታየው የአሁኑን ዋጋ ነው። በ55ኛው ደቂቃ አረንጓዴ የነበረው በ59ኛው ቀይ ሊሆን ይችላል።

አረንጓዴ ገዢ በዛ፣ ቀይ ሻጭ በዛ ማለት ነው። እኔ የማውቀው ይሄን ነው፣ ሌላው ማካበድ ይመስለኛል።

ግማሹን ይዘኸዋል። የተገዛው ሁሉ የተሸጠ ነው፤ አንድ ወቄት ወርቅ የገዛ ካለ አንድ ወቄት የሸጠ አለ። የሚለየው ማን እንደቸኮለ ነው። ገዢው ቸኩሎ የተጠየቀውን ዋጋ ሲከፍል ዋጋው ይወጣል። ሻጩ ቸኩሎ የተሰጠውን ሲቀበል ይወርዳል።

ሌላው ነገር፣ ቀለሙ የሚያወዳድረው ከራሱ ኦፕን ጋር ነው እንጂ ከትናንት ጋር አይደለም። ትናንት 100 ዶላር የተዘጋ አክሲዮን ሌሊት መጥፎ ዜና መጣበትና ጠዋት በ92 ተከፈተ እንበል። ቀኑን በ95 ጨረሰ። ካንድሉ አረንጓዴ ነው። አክሲዮኑን ይዞ ያደረው ሰው ግን በመቶ 5 ቀንሶበታል። እሱን አረንጓዴ ነው ብለህ ብትነግረው ይጣላሃል።

እሺ፣ እሱስ አክሲዮን ላይ ነው። ፎሬክስ፣ የምንዛሪ ገበያው ላይ ግን እንዲህ ክሎዝና ኦፕን የሚራራቁበት ጋፕ የለም እኮ።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ብዙም አታይም፣ ልክ ነህ። ቅዳሜና እሁድን አልፎ ሲከፈት ግን ታያለህ። የእሁድ ማታውን ኦፕን ከዓርብ ክሎዝ ጋር አስተያየው።

ጋሼ፣ የድሮ ቻርት ላይ ስትራቴጂዬን ሞከርኩት፣ በጣም ቆንጆ ውጤት አመጣ። በእውነተኛ ገንዘብ ስገባ ግን አይሠራም። ካንድሉ ያው አይደለም እንዴ?

ካንድሉ ያው ነው፣ መንገዱ ነው የተለየው። ከዛሬው ወሬ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብትሉኝ ይሄን ነው የምለው።

ወደ ወርቃችን እንመለስ። በ2,410 ገዛህ። ስቶፕ ሎስህ፣ ኪሳራው እንዳይበዛ ትሬዱ በራሱ የሚዘጋበት ዋጋ፣ 2,404 ነው፤ ትርፍ የምትወስድበት 2,417። ካንድሉ ሁለቱንም ነክቷል። የትኛውን ቀድሞ ነካ?

ዋጋው መጀመሪያ ወደ 2,402 ወርዶ ከሆነ 6 ዶላር ከስረህ ወጥተሃል። በኋላ 2,418 መድረሱ ላንተ ምንህም አይደለም። መጀመሪያ ወደ 2,418 ወጥቶ ከሆነ ደግሞ 7 ዶላር አትርፈህ ወጥተሃል፤ ከዚያ ወደ 2,402 መውረዱ አያገባህም። ኦፕን ያው፣ ሃይ ያው፣ ሎው ያው፣ ክሎዝ ያው። አንዱ ከስሯል፣ ሌላው አትርፏል። አራቱ ቁጥሮች ሃዩና ሎው በምን ቅደም ተከተል እንደመጡ አይመዘግቡም።

አሁን ያንተ መሞከሪያ ምን እንደሚያደርግ እይ። ሜታትሬደር 5 በሚባለው የመገበያያ ፕሮግራም ላይ `Open prices only` መርጠህ ከሆነ በካንድሉ ውስጥ ስላለፈው መንገድ የሚያውቀው የለም። `1 minute OHLC` ይሻላል፣ ግን እሱም በደቂቃዋ ውስጥ ያለውን አያይም። `Every tick based on real ticks` ብሮከርህ ያስቀመጠውን ቲክ፣ እያንዳንዷን የዋጋ ለውጥ፣ ይጠቀማል። ይዘገያል፣ ታገስ።

በእጅህ የምትሞክር ከሆነ ወደ 15 ደቂቃ ውረድ። ሎው በመጀመሪያው ሩብ፣ ሃይ በሦስተኛው ሩብ ከተገኘ ነገሩ ተፈታ። ሁለቱም አንድ ሩብ ውስጥ ከሆኑ ወደ 1 ደቂቃ ውረድ። እዚያም ካልተለየ፣ ትልልቅ ዜና ሲወጣ እንዲህ ያጋጥማል፣ እኔ ኪሳራ ብዬ ነው የምመዘግበው። አንዳንዱ ጓደኛዬ ትሬዱን ጨርሶ ይሰርዘዋል። በዚህ ተስማምተን አናውቅም።

የኔን ጉድ ስሙ። ሸጬ ነበር፣ ስቶፕ ሎሴ ከካንድሉ ዊክ በላይ ነበር፣ ዋጋው ሳይደርስበት ተዘጋብኝ! ብሮከሬ ሌባ ነው ወይስ እኔ ነኝ የማላይ?

እህቴ፣ ሌባ መሆን አለመሆኑን አላውቅም፣ ግን ከመክሰስሽ በፊት ይሄን እዪ። ሜታትሬደር 4 ላይ ካንድሉ የሚሳለው በቢድ፣ ስትሸጪ በምታገኚው ዋጋ ነው። አስኩ በካንድሉ ውስጥ የለም። የሸጥሽው ሲዘጋ ደግሞ መልሰሽ መግዛትሽ ነው፣ የምትገዢውም በአስክ ነው።

ስለዚህ ሃዩ 2,418 የሚል ካንድል የቢዱን ጣሪያ ነው ያሳየሽ። ስፕሬዱ፣ የቢድና የአስክ ልዩነት፣ 50 ሳንቲም ከነበረ አስኩ 2,418.50 ደርሷል። ስቶፕሽ 2,418.30 ላይ ከነበረ ተነክቷል፣ ቻርቱ ላይ ግን 30 ሳንቲም የቀረው ይመስላል። `F8` ተጫኚና `Show Ask line` የሚለውን አብሪው። የሚያሳየው የአሁኑን አስክ ብቻ ነው፣ ያለፈውን አያመጣልሽም።

በስንት ሰዓት ነበር የተዘጋብሽ?

ሌሊት ነው፣ ወደ 6 ሰዓት ገደማ። ተኝቼ ነበር።

አሃ! የኒውዮርክ ቀን የሚዘጋበት ሰዓት ነዋ። ያኔ ባንኮቹ ቀኑን ሲያዞሩ ገበያው ይሳሳል፣ ስፕሬዱ ለጥቂት ደቂቃ ይሰፋል። የሚሸጥ ሰው ስቶፑን ከዊኩ ጫፍ ላይ ስፕሬዱን ጨምሮ ያስቀምጥ፤ ለዚያ ሰዓት ደግሞ በሰፊው።

እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ ወንድሜ ዋሽንግተን ነው። ስለ አንድ ቀን፣ ስለ አንድ ገበያ እያወራን የእሱ ካንድል ቀይ፣ የኔ አረንጓዴ። ማነው ልክ?

ሁለታችሁም። ቀኑን የቆረጣችሁበት ሰዓት ይለያያል። የምትኖሩበት አገር ምንም አያመጣም፣ የፕላትፎርማችሁ ሰዓት ነው ነገሩ።

ፎሬክስ ላይ ቀኑ የሚያልቀው በኒውዮርክ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፣ ፈረንጆቹ 5 የሚሉት። በእኛ ሲቆጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፣ አሜሪካኖቹ በክረምታቸው ሰዓት ሲቀይሩ ደግሞ 7 ሰዓት። በዚህ የሚሄድ ብሮከር በሳምንት አምስት የቀን ካንድል ይሰጥሃል። በግሪንዊች ሰዓት የሚቆርጠው ግን ለእሁድ አንዲት ቁራጭ ካንድል ይጨምርልሃል፣ ስድስት ይሆናሉ። ክሪፕቶ ላይ የተለመደው በግሪንዊች እኩለ ሌሊት መቁረጥ ነው፣ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት።

መቁረጫው በሦስት ሰዓት ሲገፋ ኦፕኑም ክሎዙም ሌላ ቁጥር ይሆናል። ክሎዝ ሁሉ እኩል ክብደት የለውም የምለውም ለዚህ ነው። የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ሲዘጋ የመዝጊያ ጨረታ አለ፣ ብዙ ትእዛዝ ተሰብስቦ በአንድ ዋጋ ይገናኛል። የቢትኮይን የቀን ክሎዝ ግን ሰዓቱ ሲሞላ የተገኘው የመጨረሻ ዋጋ ነው። በሚቀጥለው ሰከንድ ግብይቱ ይቀጥላል።

ሀመር ካየሁ ልግዛ?

ዛሬ ስለዚያ አይደለም ብያለሁ።

ሃይና ሎው ቢያንስ እውነት ናቸው አይደል? በዚያ ዋጋ አንድ ሰው ነግዷል።

አንድ ሰው፣ አዎ። አንዳንዴ በጣም ጥቂት ሰው። እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 2010ን ውሰድ፣ ፍላሽ ክራሽ የሚሉትን። የአሜሪካ አክሲዮኖች መለኪያ የሆነው ዳው ጆንስ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ታች ሮጦ፣ ከቀደመው ቀን ወደ 1,000 ነጥብ ዝቅ ካለ በኋላ ተመለሰ። ሲዘጋ የቀነሰው 348 ነጥብ ያህል ነበር። የቀኑ ካንድል ከታች እንደ ጅራት የረዘመ ዊክ አለው።

አክሰንቸር የሚባለው ኩባንያ አክሲዮን ያን ቀን 40 ዶላር ገደማ ነበር። በ1 ሳንቲም ተሸጠ! በዚያው ቀን 41 ዶላር ገደማ ተዘጋ። 1 ሳንቲም ከየት መጣ? ገበያ ሠሪዎች ግዴታቸውን ለመወጣት ብቻ የሚያስቀምጡት፣ ማንም አይደርስበትም ብለው ያሰቡት ዋጋ ነበር። ከላይ ያሉት ገዢዎች ሲያልቁ የሚሸጡ ትእዛዞች ወርደው እሱ ላይ አረፉ።

ከዚያ ገበያዎቹ ተስማምተው፣ በኒውዮርክ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ40 ከነበረው ዋጋ በመቶ 60 እና ከዚያ በላይ የራቁትን ግብይቶች ሰረዙ። የአክሰንቸር 1 ሳንቲም ተሰረዘ። ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ግን ከ60 ዶላር በላይ ከነበረበት ወደ 39 ዶላር ገደማ ነው የወረደው። ይህ 60 በመቶ ስላልሞላ አልተሰረዘም። እንግዲህ አንዱ ሎው ጠፋ፣ አንዱ ቆየ። የለያቸው በኋላ የወጣ ደንብ ነው።

ለዚህ ነው ረጅም ዊክ ሳይ ወደ ትንሹ ሰዓት ወርጄ እዚያ ዋጋ ላይ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ምን ያህል እንደተሸጠ የማየው። ፎሬክስ ላይ ደግሞ ሁለት ብሮከር አወዳድር። አንድ ማዕከላዊ ገበያ ስለሌለ የእያንዳንዱ ሎው የራሱ ነው።

በዚህ አልስማማም። እኔ ስምንት ዓመት የሠራሁት በዊክ ነው። ስቶፕ የሚበላው ዊኩ እንጂ ክሎዙ አይደለም።

ስቶፕን በተመለከተ እውነትህን ነው፣ አልከራከርም። አካውንትህን የሚነካው ዊኩ ነው። እኔ ግን ዋጋው አንድን ደረጃ ሰብሯል ለማለት ክሎዝ እጠብቃለሁ። አንተ ዊክ ይበቃሃል?

ይበቃኛል። ክሎዝ ስትጠብቅ ግማሹ መንገድ አልፎሃል።

አልፎኝ ያውቃል፣ ብዙ ጊዜ። አንተንስ ዊክ ስንት ጊዜ አስገብቶ መለሰህ? የያዝከው መዝገብ ካለህ አምጣውና በሚቀጥለው ቁጭ ብለን እንቁጠረው።