ሸክላ፣ ፕላስቲክ ወይስ ጨርቅ? የበረንዳ ተካዮች ጥያቄዎች

«ሁለት የቃሪያ ችግኝ በአንድ ቀን ተከልኩ። አንዱ በሸክላ ማሰሮ፣ አንዱ በፕላስቲክ ባልዲ። ለሁለቱም በየቀኑ እኩል አንድ አንድ ኩባያ አጠጣለሁ። የሸክላው ይጠወልጋል፣ የፕላስቲኩ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ዘራቸው ይለያይ ይሆን?» (ከሰሚት ኮንዶሚኒየም)

ዘሩን ተይው፤ ነገሩ ያለው «እኩል» ያልሽው ላይ ነው።

እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው ለምን እንደሆነ አስቢ። ያልበዋል። ውሃው በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ወደ ውጭ ይወጣል፣ ይተናል፣ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። የቃሪያሽ ማሰሮም እንደዚያው ነው። የምታጠጪውን ውሃ ተክሉ ብቻ ሳይሆን ግድግዳውም ይጠጣል። ፕላስቲኩ ግን አያልበውም። ውሃው የሚወጣው በላይ በአፈሩ ገጽ፣ በቅጠሉና ከስር ባለው ቀዳዳ ብቻ ነው። ስለዚህ ኩባያሽ ለአንዱ ያንሳል፣ ለሌላው ይበዛል።

ሥር ይተነፍሳል። አፈሩ ሁልጊዜ ጭቃ ከሆነ አየር ያጣና ይበሰብሳል። ቅጠሉ ቢጫ የሚሆነው ያኔ ነው። ከዚያ ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠወልጋል፣ ባለቤቱ ደግሞ «ጠማው» ብሎ ይጨምርለታል። እኔም አንድ የሚያምር የቲማቲም ተክል የገደልኩት እንዲህ ነው። ለመለየት ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገቢ። ደርቆ ከጠወለገ ጥማት ነው። ርሶ ከጠወለገ ታፍኗል። በቀስታ ነቅለሽ ብታይው ጤነኛ ሥር ነጣ ያለ ነው፤ የበሰበሰው ቡናማ ሆኖ ይሟልጫል፣ ይሸታልም።

ልኩን ለማወቅ ሚዛን ካለሽ ተጠቀሚበት። ሁለቱንም ከስር እስኪፈስ አጠጪ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቂና መዝኚ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ድገሚ። የቀነሰው አንድ ኪሎ ማለት የሄደ አንድ ሊትር ውሃ ነው። የሸክላው 800 ግራም፣ የፕላስቲኩ 300 ግራም ቀነሰ እንበል። ለሸክላው 800 ሚሊ ሊትር ትመልሺለታለሽ። የፕላስቲኩን ላይኛው አፈር ጠቆር ማለቱን ትቶ ደረቅ እስኪል ትተዪዋለሽ። ከሦስት አራት ቀን በኋላ ሚዛኑ አያስፈልግሽም፤ ጠርዙን ከፍ ስታደርጊው እጅሽ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ ሸክላ ከመትከልሽ በፊት ውሃ ውስጥ ሲነከር ይደር። ካልሆነ ከአፈሩ ላይ ውሃውን ይመጠዋል። በዘይት ቀለም የተቀባ ወይም ውስጡ የሚያብለጨልጭ ሸክላ ደግሞ አያልበውም። እሱን እንደ ፕላስቲክ ቁጠሪው።

«ማሰሮዬ በውጭ በኩል ነጭ አወጣ። ሻጋታ ነው? ተክሉን ይጎዳዋል?»

በጥፍርዎ ይፋቁት። እንደ ዱቄት ከረገፈ ጨው ነው። ውሃው በግድግዳው ሲተን የያዘው ጨውና የማዳበሪያው ትርፍ እዚያ ይቀራል። ውጭ መቅረቱ ለሥሩ ይሻላል። ከበዛብዎት በብሩሽና በውሃ ያጥቡት፣ ማዳበሪያውንም ቀነስ ያድርጉ።

«እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ሁለት የጨርቅ መትከያ ከረጢት አመጣችልኝ። ወደድኳቸው፣ ግን ሌላ ከየት አገኛለሁ? ቤት ያለውን የማዳበሪያ ጆንያ ብጠቀም ለውጥ አለው?» (ከባሕር ዳር)

አለው፤ ግን ምን እንደምትተክል ይወስነዋል።

ሥር የፕላስቲክ ግድግዳ ሲገጥመው ይታጠፋል፣ ከዚያ ዙሪያውን እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ከችግኝ ጣቢያ በጥቁር ላስቲክ የገዛኸውን ችግኝ ላስቲኩን ቀደህ እየው፤ ብዙ ጊዜ ከታች የተጠቀለለ ሥር ታገኛለህ። ለዚህ ነው ከመትከል በፊት ያንን የታችኛውን ጫፍ በምላጭ መቁረጥ የሚመከረው። በሸክላ ውስጥ ሥሩ እርጥበትና አየር ያለበትን ግድግዳ ፈልጎ ይጣበቅበታል። ያንተ ከረጢት ግን እንደ ብርድ ልብስ ተጠቅጥቆ የተሠራ ነው። የሥሩ ጫፍ ጨርቁን አልፎ አየር ሲያገኝ ይደርቃል። ጫፉ ሲሞት ከኋላው አዳዲስ ቅርንጫፎች ያወጣል። ሥሩ ሳይጠማዘዝ አፈሩን ይሞላዋል።

ጆንያው የተሸመነ ፕላስቲክ ነው። በክሮቹ መሃል ትንሽ አየር ያስገባል። ውስጡ ላስቲክ ካለው ግን አያስገባም፤ ያንን አውጥተህ ጣል፣ ከታችም ብሳው። ዋናው ጠላቱ ፀሐይ ነው። ውጭ ከዋለ ይሰባበርና ክሩ አፈርህ ውስጥ ይበተናል። ስለዚህ በሦስት አራት ወር ለሚያልቅ ድንች፣ ጎመን ወይም ሰላጣ ጆንያው ይበቃል። ሎሚ ወይም የጥብስ ቅጠል ከሆነ፣ ዓመታት ስለሚቆይ፣ ጥሩውን ከረጢት ለሱ አስቀምጥ። ኬሚካል የነበረበትን ጆንያ ግን ለሚበላ ነገር አትጠቀም።

የጨርቁ ዕዳ ውሃ ነው። በሁሉም ጎኑ ይደርቃል፤ በበጋ ንፋስ በየቀኑ ማጠጣት የግድ ነው። አንዴ ጭርሱን ከደረቀ አፈሩ ይኮማተርና ውሃው በጎን ሾልኮ ይወርዳል። «ፈሰሰ፣ ጠጣ» ብለህ ትሄዳለህ፣ መሃሉ ግን ዱቄት ነው። ግማሹን አጠጣ፣ አሥር ደቂቃ ቆይ፣ ቀሪውን ጨምር። ፎቅ ላይ ከሆንክ ደግሞ ክብደቱን አስብ። 20 ሊትር የሚይዝ ከረጢት በእርጥብ አፈር ሲሞላ ከ25 ኪሎ ይበልጣል። ባለበት ቦታ ሙላው።

«የቀለም ባልዲ ስር ጠጠር አድርጌ ነው የምተክለው፤ ውሃ እንዲወርድ። ክረምት ላይ ግን አሁንም ይቋጥራል።»

ጠጠሩን አውጪው። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ በውሃ አርሰሽ በጠፍጣፋው ያዢው። ነጠብጣቡ ሲያቆም አሁንም ውሃ ይዟል። ከዚያ በቁመቱ አቁሚው፤ እንደገና ይንጠባጠባል። አፈርም እንደዚያው ነው። ከግርጌው ያለው ሁልጊዜ ርጥብ ሆኖ ይቀራል፣ አፈሩ ረጅም ሲሆን ግን ከላይ ብዙ ደረቅ ቦታ ይኖራል። ጠጠር ስታስገቢ አፈሩን ታሳጥሪዋለሽ፤ ርጥቡ ክፍል ወደ ሥሩ ይቀርባል። ይልቅ ባልዲውን እስከ ታች በአፈር ሙዪው፣ ግርጌው ላይ አምስት ስድስት ቀዳዳ በሚስማር አውጪ፣ በጡብ ላይ አስቀምጪው። ጭቃ የሚሆን አፈር ከሆነ ኮምፖስት ቀላቅዪበት። በሐምሌና ነሐሴ ፕላስቲኮቹን ከጣሪያ ስር ማስጠጋት ነው። ሸክላና ጨርቅ ዝናቡን በተሻለ ይችሉታል።

«ዱባይ ነኝ። በሶብላዬ በጥቁር የፕላስቲክ ማሰሮ ነው። አጠጣዋለሁ፣ ግን ፀሐይ የሚያርፍበት ጎን ደረቀብኝ።»

ውሃ አይደለም፤ ሥሩ ተቀቅሏል። ጥቁር ፕላስቲክ ፀሐይ ሲመታው ግድግዳው አጠገብ ያለው አፈር እጅ ያቃጥላል፤ የአትክልት ሥር ደግሞ 40 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መጎዳት ይጀምራል። ማሰሮውን ሰፋ ባለ ሌላ ማሰሮ ውስጥ፣ በመሃላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትተሽ አስቀምጪው። ወይም ነጭ ጨርቅ ጠቅልዪበት። ሸክላ ቢሆን ይቀዘቅዝ ነበር፤ ነገር ግን የባሕሩ እርጥበት ሲበዛ ትነቱ ስለሚቀንስ እሱም እንደ አገር ቤት አይሆንልሽም።

«ቨርጂኒያ ነው ያለሁት። የሸክላ ማሰሮዬ በክረምት ለሁለት ተሰነጠቀ።»

በግድግዳው ውስጥ የነበረው ውሃ በረዶ ሲሆን ሰፋ፤ ሸክላውን የፈነቀለው እሱ ነው። ብርዱ ሳይገባ ባዶ አድርገው፣ አድርቀው፣ ጋራዥ ውስጥ ገልብጠው ያስቀምጡት። ውጭ የሚከርም ተክል ካለዎት በፕላስቲክ ወይም በጨርቅ ይሁን፤ እነሱ አይሰነጠቁም፣ ሥሩን ግን ከብርዱ አያድኑትም።