200 ሲት አፕ እና አንድ ጀሪካን ዘይት

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የደሴ ልጅ ነኝ። ዕድሜዬ 36 ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሱቅ ስለምሠራ ውሎዬ ቁጭ ብዬ ነው። የመጨረሻ ልጄን ከወለድኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ ቦርጬ ግን እንዳለ ነው። ሁለት ወር ሙሉ በየጠዋቱ 200 ሲት አፕ ሠራሁ። ሆዴን በፌስታል ጠቅልዬ፣ በላዩ ቀበቶ አስሬ ነው የምሠራው፤ ላቡ ይንቆረቆራል። ወገቤ 96 ሳንቲ ሜትር ነበር፣ ዛሬም 96 ነው። ኪሎዬም ከ74 ንቅንቅ አላለም። ብዙ የምበላ ሰው አይደለሁም፤ ጾሙንም እጾማለሁ። ቤት ውስጥ አራት ነን፤ ባለ 5 ሊትር ዘይት ሦስት ሳምንት ያቆየናል። ቡና በቀን ሁለቴ እናፈላለን፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳልል አልነሣም፤ በየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር አደርጋለሁ። ሆዴ ብቻ እንዲወርድልኝ ምን ልሥራ?
እህትዎ፣ ከደሴ

እህት ዓለም፣ መጀመሪያ ፌስታሉንና ቀበቶውን ዛሬውኑ ፍቺው። ያ የሚንቆረቆረው ውሃ ነው፤ ሁለት ብርጭቆ ስትጠጪ ይተካል። ስብ በላብ አይወጣም። ሰውነት 1 ኪሎ ስብ ሲያቃጥል 840 ግራም ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ ነው የሚወጣው። የቀረው 160 ግራም ውሃ ይሆናል። ሆድን መጠቅለል ከዚህ ምንም አያፋጥንም።

አሁን የሆድሽን ቆዳ በሁለት ጣትሽ ቆንጥጠሽ ያዢው። በጣቶችሽ መሃል የገባው ስብ ነው። ሲት አፕ የሚያሠራው ጡንቻ ከዚያ ሥር ነው ያለው። ሁለቱ ጎረቤት ናቸው፤ ግን ከስቡ ወደ ጡንቻው የሚያስገባ ቀጥታ ቧንቧ የለም። ስቡ መጀመሪያ ተፈትቶ ወደ ደም መግባት አለበት። ይህን የሚያዘው እንደ አድሬናሊን ያለ ሆርሞን ነው፤ እሱም በደም መላ ሰውነትን ያዳርሳል። ስለዚህ የሆድሽ ጡንቻ ሲሠራ የሚደርሰው ስብ ከጭንሽም፣ ከክንድሽም፣ ከጀርባሽም የተለቀቀ ነው። የቱ ቦታ ቶሎ ይለቃል፣ የቱ ይዞ ይቆያል የሚለው በዘርና በጾታ ይለያያል። በእንቅስቃሴ ዓይነት አይመረጥም።

ይህ በሙከራም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ 13 ወንዶች በ27 ቀን ውስጥ እያንዳንዳቸው ከ5,000 በላይ ሲት አፕ ሠሩ። ከመጀመራቸው በፊትና ከጨረሱ በኋላ ከሆዳቸው፣ ከትከሻቸው ሥርና ከመቀመጫቸው በመርፌ ስብ ተወስዶ የሕዋሱ መጠን ተለካ። ሕዋሱ ያነሰው በሦስቱም ቦታ በተቀራራቢ መጠን ነበር። ሆድ የተለየ ድርሻ አላገኘም። እርግጥ በሚሠራው ጡንቻ አጠገብ ያለ ስብ በመጠኑ ቶሎ እንደሚፈታ የታየበት ሙከራም አለ። መጠኑ ግን በሜትር ተለክቶ የሚታይ አይደለም።

ድካምሽን አላቃልልም። 200 ሲት አፕ በየቀኑ ቀልድ አይደለም፤ የሆድ ጡንቻሽም ጠንክሮልሻል። ግን 200ው የሚያቃጥለው ቢበዛ 50 ካሎሪ ያህል ነው። በ60 ቀን 3,000 ማለት ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ደግሞ 7,700 ካሎሪ ያህል ይዟል። ሁለት ወር ሙሉ የለፋሽው ቢበዛ 400 ግራም ስብ ነው፤ እሱም ከመላ ሰውነትሽ የሚቀነስ። ያን ያህሉን ደግሞ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በየቀኑ እየተካው ነበር።

አሁን ወደ ጀሪካኑ እንሂድ፤ ደብዳቤሽ ውስጥ ትልቁ ነገር እሱ ነውና። 5 ሊትር ለአራት ሰው በ21 ቀን ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 60 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ይህ አራት የሾርባ ማንኪያ ነው፤ ወደ 490 ካሎሪ። ልጆቹ ትንሽ ስለሚበሉ ያንቺ ድርሻ ከዚህም ሊበልጥ ይችላል። ብዙ አልበላም ያልሽው እውነትሽን ነው፤ ዘይት ሳህን ላይ ቦታ አይዝም። ጾም ላይ ደግሞ ቅቤውና ሥጋው ሲቀር ሽሮውም ምስሩም ይጣፍጥ ተብሎ ዘይቱ ይጨመራል። ብዙ ሰው ጾሞ የማይቀንሰው በዚህ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ከጀሪካኑ ወደ ድስቱ በቀጥታ አትገልብጪ። በሾርባ ማንኪያ ለኪው። ሽንኩርቱን መጀመሪያ በደረቁ አቁላይ፤ ሊይዝ ሲል ጠብ ጠብ እያደረግሽ ውሃ ጨምሪበት፣ ዘይቱ ኋላ ይግባ። ግብሽ ያው ጀሪካን አምስት ሳምንት እንዲቆይ ነው። ያኔ በነፍስ ወከፍ በቀን 36 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ወደ 200 ካሎሪ ቀነስሽ ማለት ነው።

ቡናውን አልነካብሽም፤ የወሎ ሰው ሆኜ ቡና ተዪ አልልም። ስኳሩን ግን ከሁለት ማንኪያ ወደ ግማሽ ማንኪያ አውርጂው። በስድስት ስኒ 140 ካሎሪ ያህል ይወጣል። በአንድ ጊዜ ከከበደሽ በየሳምንቱ ግማሽ ግማሽ ቀንሺ፤ ምላስ ይለምዳል። ሦስተኛው እግርሽ ነው። ሱቅ ስትሄጂ ወይም ስትመለሺ 40 ደቂቃ ፈጠን ብለሽ ተራመጂ። ደሴ ዳገት አታጣም። እሱ 160 ያህል ያቃጥላል።

ሦስቱ ሲደመሩ በቀን 500 ካሎሪ ነው። በወረቀት ላይ በሳምንት 450 ግራም ስብ ይመጣል። በተግባር ግን ሰውነት ሲቀንስ ፍጆታውንም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከ300 እስከ 400 ግራም ጠብቂ። በሁለት ወር 3 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ወገብ ብዙ ጊዜ ለአንድ ኪሎ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው የሚወርደው። ምናልባት ፊትሽ ቀድሞ ይከሳና ሰው «አሞሻል ወይ?» ይልሽ ይሆናል። ሆድሽ ዘግይቶ ከሆነም መንገዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም። ምስር፣ ባቄላ፣ በፍስክ እንቁላል አይጉደልብሽ፤ ያለ ፕሮቲን ስትቀንሺ ከስቡ ጋር ጡንቻም ይሄዳል። ጠዋት ለሲት አፕ ትነሺበት የነበረውን ሰዓት ከወንበር ቁጭ ብድግ ለማለት ተጠቀሚበት፤ የጭንና የመቀመጫ ጡንቻ ትልቅ ስለሆነ የበለጠ ሥራ ይሠራል።

አንድ ነገር ግን አደራ። በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበትሽን አጥፊና ጭንቅላትሽን ብቻ ቀና አድርጊ። እምብርትሽ ላይና ታች በጣትሽ ዳብሺ። በመሃል ሁለት ጣት ወይም ከዚያ በላይ የሚያስገባ ክፍተት ካለ፣ ወይም እንደ ሸንተረር ብቅ የሚል ነገር ካየሽ፣ በእርግዝና የተለያዩት የሆድ ጡንቻዎች አልገጠሙም ማለት ሊሆን ይችላል። ያኔ የሆድሽ መውጣት ስብ ብቻ አይደለም፤ ሲት አፕም ሊያባብሰው ይችላል። ፊዚዮቴራፒስት ይየው።

ወገብሽን በሳምንት አንዴ፣ ጠዋት ቁርስ ሳትበዪ፣ በልብስ ሰፊ ሜትር ለኪ። ከመጨረሻው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መሃል ላይ አድርጊው። ሆድሽን ሳትስቢ፣ ትንፋሽ አውጥተሽ ስትጨርሺ አንብቢው። ለሴት ከ88 በላይ የስኳርና የልብ በሽታ አደጋ ይጨምራልና የመጀመሪያ ግባችን ከዚያ በታች መውረድ ነው። የወር አበባ ሊመጣ ሲል ቁጥሩ ከፍ ቢል አትደንግጪ፤ ውሃ ነው። በአራተኛው ሳምንት ወገቡም ኪሎውም ካልተነቃነቀ መጀመሪያ ጀሪካኑን እይው። የተከፈተበትን ቀን በስክሪብቶ ጻፊበት፤ በሦስተኛው ሳምንት ጠብታው ካለቀ ማንኪያው የሆነ ቦታ ተረስቷል።