«ምርጥ ጥራት» ብለን የጻፍነውን ደንበኛ ሊያጣራው ወደሚችል ቃል መቀየር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የልብስ ማጠቢያ ማሽን እጠግናለሁ። «ምርጥ ጥራት፣ ተወዳዳሪ የሌለው አገልግሎት» ብዬ ለጥፌያለሁ። ምን ጎደለው?

መልስ፦ ደንበኛው ተመልሶ መጥቶ «ይህን ብለኸኝ ነበር፣ አልሆነም» ብሎ ሊይዝህ የሚችልበት ነገር የለውም። ወረቀቱን ነቅለህ ሌላ ጥገና ቤት በር ላይ ብትለጥፈው አንድ ፊደል መቀየር አያስፈልገውም። ሰዎች ሲደውሉ ደጋግመው የሚጠይቁህን አስብ፤ «መቼ ይደርሳል?» ከሆነ ከእሱ ጀምር።

ጥያቄ፦ «በ2 ቀን» ልበል? ቁጥሩን ከየት ላምጣ?

መልስ፦ ከመረከቢያ ደብተርህ። የመጨረሻዎቹን 40 ሥራዎች ሳትመርጥ በተከታታይ አውጣ። ማሽኑን የተረከብክበትንና «አልቋል፣ ይውሰዱ» ብለህ የደወልክበትን ቀን ጎን ለጎን ጽፈህ በመካከሉ ያለፉትን ቀናት ቁጠር፤ ከዚያ ከአጭሩ ወደ ረጅሙ ደርድር። 36ኛው ላይ ያለው ቁጥር ከ10 ሥራ 9ኙ ያለቁበት ጊዜ ነው። 4 ቀን ከሆነ የምትጽፈው 4 ነው። ደብተርህ ላይ የመውጫ ቀን ከሌለ ከዛሬ ጀምረህ መዝግብ እንጂ በግምት አትጻፍ፤ ሰው ሲገምት ትዝ የሚሉት የቀለሉት ሥራዎች ናቸው።

ሌላ አባል፦ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? አማካዩን አስልቶ መጻፍ ይበቃል። ዋናው ቁጥር መኖሩ ነው።

መልስ፦ ቁጥር መኖር አለበት ያልከው ልክ ነው፤ አማካዩ ግን ጉድ ይሠራል። አስር ሥራ 1፣ 1፣ 1፣ 1፣ 1፣ 2፣ 2፣ 2፣ 4 እና 5 ቀን ፈጀ እንበል። አማካዩ 2 ነው። «በ2 ቀን» ብለህ ከጻፍክ ከአስሩ ሁለቱ ሰዎች ቃል እንደታጠፈባቸው ይቆጥሩታል።

ይልቅ 4 እና 5 ቀን የፈጁትን ለይተህ ምክንያቱን ፈልግ። ብዙ ጊዜ መለዋወጫ ሲጠበቅ ነው። ያኔ ቃሉን ለሁለት ትከፍለዋለህ፦ «መለዋወጫው በእጃችን ካለ ካስረከቡን ቀን ጀምሮ በ2 የሥራ ቀናት። ከሌለ በማግስቱ ደውለን የሚደርስበትን ቀን እንነግርዎታለን።» ቆጠራው ደንበኛው ካስረከበበት ቀን ይጀምር። «ምርመራው ካለቀበት» ካልክ እሱ ያላየውን ቀን ነው የምታስቆጥረው።

ጥያቄ፦ እኔ የእንጨት ሥራ ነው የምሠራው። መደርደሪያዬ ጠንካራ ነው። ጥንካሬ ደግሞ በቀን አይቆጠርም።

መልስ፦ በቀን ሳይሆን በኪሎና በሚሊሜትር ይቆጠራል። መደርደሪያው ላይ ልትናገርለት ያሰብከውን ክብደት እኩል ዘርግተህ ጫን። ክር ከታች በኩል ብትወጥር ጣውላው ሲጎብጥ መሀል ላይ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ክሩን ከላይኛው ገጽ ዳር እስከ ዳር ወጥረህ መሀል ላይ ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለካ። የመጀመሪያው ቀን ልኬት አያስተማምንም። ቺፕውድ ጭነት ሲቆይበት ቀስ በቀስ እየጎበጠ ይሄዳል፤ ቢያንስ አንድ ወር ተወውና ድገመው። የምትጽፈው የኋለኛውን ቁጥር ነው፤ የመደርደሪያውን ርዝመትና ውፍረትም ጨምርበት፤ ርዝመቱ ሲቀየር ቁጥሩ አይሠራም። ደንበኛው ቤቱ ሆኖ በክርና በማስመሪያ ሊያየው ይችላል።

ጥያቄ፦ ወደ ጥገናው ልመልሳችሁ። ቀን ከጻፍን ሠራተኛ አይጣደፍም? ካሳ ብንጨምርበትስ?

መልስ፦ ይጣደፋል። ዶሚኖስ ፒዛ አሜሪካ ውስጥ በ30 ደቂቃ እንደሚያደርስ የገባውን ዋስትና በ1993 እ.ኤ.አ. የተወው ከአድራሾቹ የመኪና አደጋ ጋር የተያያዘ ክስ ከተፈረደበት በኋላ ነው። በአንተ ቤት መጣደፉ የሚታየው ቴክኒሻኑ ሳይሞክር ክዳኑን ሲገጥም ነው። ስለዚህ ከቀኑ ጎን ሥራውን ከጥድፊያ የሚጠብቅ ቃል አስቀምጥ፦ «ከማስረከባችን በፊት ማሽኑን አንድ ሙሉ ዙር በውሃ እናስኬዳለን፤ ቆመው ማየት ይችላሉ።» ይህን ለመፈጸም ጊዜ ከጠበበህ ችኩሉ ቀኑ ነው፣ ቀኑን አርዝመው።

ካሳውን በተመለከተ እኔ የምመርጠው የምርመራውን ክፍያ መተው ነው፤ መጠኑ የታወቀ ስለሆነ አያከራክርም።

ሌላ አባል፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ካሳ ከተጻፈ ስልክ ሳያነሱ ቆይተው «ዘገያችሁ» የሚሉ ይኖራሉ።

መልስ፦ የደወልክበትን ሰዓት መመዝገብ ያንን ይቀንሰዋል። ጨርሶ ያስቀረዋል ግን አልልም።

ጥያቄ፦ እንግዲያው «መለዋወጫው ካለን በ2 የሥራ ቀናት በፍጥነትና በጥራት እናስረክባለን» ብዬ ልለጥፍ?

መልስ፦ «በፍጥነትና በጥራት» የሚለውን ሰርዝ፣ «ካስረከቡን ቀን ጀምሮ» የሚለውን መልስ። ከዚያ ለጥፈው።