መልስ፦ ቁልሉ ላይ አፈር መድፋት ብቻ አይበቃም

«የድሮ ቆሻሻ ክምር ላይ አፈር ደፍቶ መዝጋት ለምን አይበቃም? ጭሱስ በውሃ አይጠፋም?»

መጀመሪያ ቁልቁለቱን አስተካክል። ቆሼ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ከ110 በላይ ሰው የጨረሰው ተንዶ ነው። ጎኑ ቀጥ ባለ ክምር ላይ አፈር ከደፋህበት ክብደት ጨመርክበት ማለት ነው። 1 ሜትር ሲወርድ ወደ ጎን 3 ሜትር ያህል እስኪሄድ አለዝበው። ቆረጣው ከላይ ይጀመር። ኤክስካቫተሩ ግርጌውን ከነካ ቁልሉ የቆመበትን እግር ቆረጠው።

ከዚያ የጋዝ ማስወጫ ቱቦ ትከል። ያለሱ ከሸፈንከው ጋዙ በጎን ሾልኮ ሰው ቤት ይገባል። ሸክላ አፈሩ በስስ በስሱ እየተነጠፈ፣ በሮለር እየተጠቀጠቀ ግማሽ ሜትር ገደማ ይድረስ። አናቱ ውሃ እንዳያቁር ትንሽ ያዘንብል።

ውሃውን ግን እርሳው! እሳቱ ጥልቅ ነው። ውሃው ሳይደርስበት ክምሩን አክብዶ ያንሸራትተዋል። ስንጥቁን በአፈር ድፈንና አየር ከልክለው። በየሳምንቱ የቱቦዎቹን ሙቀት ለካ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ እየጨመረ ከሄደ ካርቦን ሞኖክሳይዱን እይ፤ ከ1000 ፒፒኤም በላይ ከሆነ ውስጡ እየነደደ ነው። ጭስ ሳይታይ መሬቱ አንድ ቦታ ላይ ድንገት ጎድጎድ ካለም እንደዚያው። እዚያ ላይ ማሽን አታውጣ፣ ከስሩ ባዶ ሊሆን ይችላል።